ጥያቄው ሁለቴ ሲደርስ

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መሸጫ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ዓይነት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ትኬት ቆራጭ የተሳፋሪውን ስምና ስልክ ቁጥር ጽፋ አንድ ቁልፍ ትጫናለች። ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ ቀጣዩን ባዶ ወንበር ይይዛል፣ ለተሳፋሪው ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ከዚያ «ተይዟል» ብሎ ይመልሳል። ክፍል ውስጥ ሲሞከር እንከን አይወጣለትም። ሥራ ላይ ሲውል ግን ቅሬታ ይመጣል፦ አንዲት ተሳፋሪ አንድ ትኬት ቆርጣ ሁለት መልእክት ደርሷታል፤ ወንበር 14ም ወንበር 15ም በስሟ ተይዘዋል። ትኬት ቆራጯ ደግሞ «እኔ የተጫንኩት አንዴ ብቻ ነው» ትላለች።

እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ ተማሪው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሰውን ነው፤ ሁለቴ ተጭና ነው ይላል። ቀጥሎ ኮዱን ይከፍትና ወንበር የሚይዘውን ተግባር መስመር በመስመር ያነባል። እዚያ ምንም ስህተት አያገኝም፤ ተግባሩ በተጠራ ቁጥር በትክክል አንድ ወንበር ይይዛል። ችግሩ ሁለቴ መጠራቱ ነው። ማን እንደጠራው ለማወቅ ደግሞ ከኮዱ ወጥቶ የሰርቨሩን መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። ከፊት የቆመው ኤንጂንኤክስ ነው እንበል፤ መዝገቡ ላይ ጥያቄው የፈጀው ጊዜ እንዲጻፍም ተደርጓል፦

```
10:14:12 "POST /bookings HTTP/1.1" 499 10.001
10:14:15 "POST /bookings HTTP/1.1" 201 3.012
```

ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሁለት ረድፎች አሉ፦

```
 id  | seat | created_at
 811 |  14  | 10:14:03
 812 |  15  | 10:14:13
```

እነዚህን አራት መስመሮች ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። ኤንጂንኤክስ መዝገቡን የሚጽፈው ጥያቄው ሲያበቃ ስለሆነ፣ በ10:14:12 የተጻፈውና 10 ሰከንድ የፈጀው ጥያቄ የጀመረው በ10:14:02 ነው። ወንበር 14 የተያዘው ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ በ10:14:03 ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ የኤስኤምኤሱን መላኪያ ሲጠብቅ ቆየ። ጠያቂው ግን አሥር ሰከንድ ጠብቆ ግንኙነቱን ዘጋ። 499 ኤንጂንኤክስ ራሱ የሚጠቀምበት ቁጥር ነው፤ መልስ ሳይሰጠው ደንበኛው ስልኩን ዘጋ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ 499 ሲያይ «አልተሳካም፣ ስለዚህ ምንም አልተሠራም» ብሎ ያልፈዋል። ሥራው ግን ከዘጠኝ ሰከንድ በፊት አልቆ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የጀመረው የመጀመሪያው በተዘጋበት ቅጽበት፣ በ10:14:12 ነው። ወንጀለኛውን የሚያሳየው ይህ ነው። ሰው ሁለቴ ሲጫን በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፤ ደግሞም ወጣ ገባ ይላል። ማሽን ሲደግም ግን ርቀቱ ልክ እንደ ተመተረ ነው፦ 10፣ 30 ወይም 60 ሰከንድ፤ አንድ ቦታ ላይ የተጻፈ የመጠበቂያ ጊዜ። ስለዚህ ተደራራቢ ረድፍ ሲያጋጥም ሁለቱን ሰዓቶች መቀናነስና ውጤቱን ከፕሮግራሙ የመጠበቂያ ጊዜ ጋር ማስተያየት ከሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ልዩነቱ አሥር ሰከንድ ሆነ፤ የመሸጫው ፕሮግራምም አሥር ሰከንድ እንዲጠብቅ ታዟል።

የደገመውን አካል ፍለጋ ወደ መሸጫው ፕሮግራም ኮድ ስንመለስ ይህን እናገኛለን፦

```
Retry(total=1, allowed_methods=None)
```

ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ መሥመሩ የ`urllib3` ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ያልተሳካ ጥያቄ አንድ ጊዜ ይደገም ተብሎ የገባ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። `allowed_methods=None` ማለት ግን «ሜተዱ ምንም ይሁን ምን ድገም» ማለት ነው። ይህ ባይጻፍ ኖሮ ላይብረሪው በራሱ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር። ሳይነካ ሲቀር የመልስ መዘግየት ሲገጥመው የሚደግማቸው GET፣ HEAD፣ PUT፣ DELETE፣ OPTIONS እና TRACE ብቻ ናቸው። POST ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሚገርመው፣ ገና ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ካልተቻለ POSTንም ይደግማል፤ ያልደረሰ ጥያቄ ምንም ሊሠራ ስለማይችል። ከተላከ በኋላ መልስ ከዘገየ ግን POSTን አይነካም። ላይብረሪውን የጻፉት ሰዎች የትኬቱን ፕሮግራም አይተው አያውቁም። ታዲያ የትኛውን መድገም እንደሚቻልና እንደማይቻል በምን አወቁ?

በሜተዱ ስም ብቻ። የኤች ቲ ቲ ፒ ሕግ፣ አሁን የሚሠራበት አር ኤፍ ሲ 9110 በ2022 የወጣው ሰነድ፣ ለእያንዳንዱ ሜተድ ጠባይ ሰጥቶታል፤ ሦስቱ ጠባዮች ሴፍ፣ አይደምፖተንት እና ካሸብል ይባላሉ። ተማሪዎች ለፈተና በሰንጠረዥ ይሸመድዷቸዋል። ሰንጠረዡ የማይነግራቸው ነገር እነዚህ ጠባዮች የሚመለከቱት በዋናነት ሦስተኛ ወገንን መሆኑ ነው። በጠያቂውና በሰርቨሩ መካከል ኮዱን ያላዩ ብዙ ሠራተኞች አሉ፦ ብሮውዘሩ፣ ላይብረሪው፣ ፕሮክሲው፣ ቅጂ አስቀማጩ፣ ሊንክ ቀድሞ የሚያይ ቦት። ሁሉም «ይህን ጥያቄ ሳልጠየቅ ልልከው እችላለሁ? ልድገመው እችላለሁ? መልሱን አስቀምጬ ለሌላ ልስጠው እችላለሁ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱን የሚያገኙት ከሜተዱ ነው፤ ለሦስተኛው ደግሞ ከመልሱ ሄደሮችም ጭምር። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ ከሜተዱ ጠባይ ጋር ሲጣላ ስህተቱ የሚታየው ኮዱ ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ መካከለኞች ሥራ ላይ ነው። ኮዱን ደጋግሞ ማንበብ የማይረዳውም ለዚህ ነው።

የአይደምፖተንት ትርጉም ለማዕድ ቤት ሰው ግልጽ ነው። «አንድ እንጀራ ጨምሩ» የሚል ትእዛዝ ሁለቴ ከተሰማ ትሪው ላይ ሁለት እንጀራ ይጨመራል። «ትሪው ላይ ሦስት እንጀራ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ግን አሥር ጊዜ ቢሰማም ያው ሦስት ነው። PUT እንደ ሁለተኛው ነው፦ «በዚህ አድራሻ ላይ ያለው ነገር ይህን ይምሰል» ይላል። DELETEም «እዚህ አድራሻ ላይ ምንም አይኑር» ይላል። POST ግን «ይህን ተቀብለህ ሥራበት» ከማለት ያለፈ ቃል አይገባም፤ ሲደገም ምን እንደሚሆን ከውጭ ያለ ሰው ሊያውቅ አይችልም። በ2010 የተጨመረው PATCHም እንዲሁ ቃል የለበትም።

የዚህ ቃል ዋጋ የሚታየው መልስ ሲጠፋ ነው። ጠያቂው ጊዜው ሲያልቅበት ሦስት ነገሮች ሆነው ሊሆን ይችላል፦ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ሰርቨሩ ገና እየሠራው ነው፣ ወይም ሠርቶ ጨርሶ መልሱ ጠፍቷል። ከጠያቂው ወገን ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው፤ የሚለያቸው ምንም ምልክት የለም። ጥያቄው አይደምፖተንት ከሆነ መለየት አያስፈልግም፤ እንደገና መላክ ብቻ ነው። ካልሆነ ግን መድገምም አለመድገምም አደጋ አለው። በእኛ ምሳሌ ሦስተኛው ሊባል የሚችለው ነገር ነበር የሆነው፦ ወንበሩ ተይዟል፣ ወሬው ግን አልደረሰም።

ብሮውዘርም ይህን ሕግ ያከብራል። ፎርም ሞልተን ከላክን በኋላ ገጹን ስናድስ «ይህን መረጃ እንደገና ልላክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀን መስኮት ሁላችንም አይተናል። GET ሲሆን ሳይጠይቅ ያድሳል፤ POST ሲሆን ኃላፊነቱን ለሰው ይመልሳል። ኤንጂንኤክስም ከኋላው ሁለት ሰርቨሮች ሲኖሩትና አንዱ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ጥያቄውን ለሌላው ያሻግራል፤ ከ1.9.13 ስሪት ወዲህ ግን አንዴ የተላከ POSTን አያሻግርም፣ ካላዘዙት በስተቀር። ማዘዣው `proxy_next_upstream` ውስጥ የሚጻፍ `non_idempotent` የሚል ቃል ነው። እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ትልቅ ተጠርጣሪ ነው። እንዲህ ያለው መደገም በጠያቂው በኩል አይታይም፤ የኤንጂንኤክስ መዝገብ ላይም አንድ መስመር ብቻ ይኖራል። የሚያጋልጠው `$upstream_addr` ነው፤ አንድ ጥያቄ ለሁለት ሰርቨሮች ከሄደ ሁለት አድራሻ በኮማ ተለይቶ ይጻፋል። በሚጠራጠሩበት ሁሉ ይህን ተለዋዋጭ መዝገቡ ላይ መጨመር በብዙ ሰዓት የሚቆጠር ድካም ያድናል።

ወደ ትኬቱ እንመለስ። የመጀመሪያው መፍትሔ `allowed_methods=None` የሚለውን ማጥፋት ይመስላል። ተደራራቢ ትኬት ይቀራል፤ ነገር ግን መልስ በዘገየ ቁጥር ትኬት ቆራጯ «ተያዘ ወይስ አልተያዘም?» እያለች ትቀራለች፤ ውሎ አድሮ ራሷ ትደግመዋለች። መደገሙ እንዲኖር፣ ጉዳቱ ግን እንዲቀር ማድረግ ይሻላል። መንገዱ ለትኬቱ መለያ ቁጥር የሚያወጣው ሰርቨሩ መሆኑ ቀርቶ መሸጫው ፕሮግራም እንዲሆን ማድረግ ነው። ትኬት ቆራጯ አዲስ ቅጽ ስትከፍት ፕሮግራሙ አንድ ዩዩአይዲ ይፈጥርና ጥያቄውን እንዲህ ይልከዋል፦

```
PUT /bookings/6f1c0e52-93ab-4c1e-8d77-2b5a90f3e614
```

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ፦

```
INSERT INTO bookings (id, trip, name, phone)
VALUES ($1, $2, $3, $4)
ON CONFLICT (id) DO NOTHING;
```

የ`id` ዓምድ ዋና ቁልፍ ስለሆነ ያው ጥያቄ ሁለቴ ቢደርስ ሁለተኛው ረድፍ አይገባም። ሰርቨሩ ቀድሞ የገባውን ረድፍ አንብቦ «ወንበር 14» ብሎ ይመልሳል። ወንበር ምደባውና ኤስኤምኤሱ የሚቀጥሉት አዲስ ረድፍ በእርግጥ ከገባ ብቻ ነው። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፦ ረድፉ አንድ ሆኖ መልእክቱ ሁለቴ ይሄዳል፤ ተሳፋሪዋ አሁንም ትደናገጣለች።

ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛው ዩዩአይዲውን ጥያቄ የሚልከው ተግባር ውስጥ መፍጠር ነው። ተግባሩ በድጋሚ በተጠራ ቁጥር አዲስ መለያ ይወጣል፣ ለሰርቨሩም ሁለቱ የተለያዩ ትኬቶች ይሆኑበታል። መዝገቡ ላይ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች በአሥር ሰከንድ ልዩነት ሲታዩ ነገሩ ይኸው ነው። መለያው መወለድ ያለበት ሰው ሐሳቡን ሲጀምር፣ ቅጹ ሲከፈት ነው። ሁለተኛው ስህተት «መጀመሪያ ልፈልግ፣ ከሌለ ላስገባ» ብሎ በ`SELECT` መጀመር ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም አያገኙም፣ ሁለቱም ያስገባሉ። የዳታቤዙ ቁልፍ ግን አንዱን ያስገባና ሌላውን ያስቆማል፤ ለዚህ ነው ፍርዱን ለዳታቤዙ መተው የሚያስፈልገው። በክፍያ አገልግሎቶች ዘንድ POSTን ሳይለውጡ `Idempotency-Key` በሚል ሄደር መለያውን መላክም የተለመደ ነው፤ ሥራው ያው ነው።

መፈተኑም ቀላል ነው። ረድፉ ከገባ በኋላ፣ መልሱ ከመላኩ በፊት ሰርቨሩ ኮድ ላይ ለጊዜው `time.sleep(15)` ይጨመራል። መሸጫው ፕሮግራም በአሥረኛው ሰከንድ ይደግማል፤ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ካለ ሠርቷል። በላፕቶፕ ላይ መልስ በሚሊሰከንድ ስለሚመጣ ይህ ስህተት በራሱ ጊዜ አይገለጥም፤ አውቆ ማዘግየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያደናግር ነገር አለ። DELETE መጀመሪያ 204 ይመልሳል፣ ሲደገም 404። መልሱ ከተለያየ እንዴት አይደምፖተንት ይባላል ብለው ይከራከራሉ። ጠባዩ የሚናገረው ሰርቨሩ ላይ ስለታሰበው ውጤት ነው፤ መልሱ አንድ ይሁን አይልም። ከአንዱም ከሁለተኛውም በኋላ ያ ነገር የለም፤ በቂ ነው። ስለዚህ የሚደግም ፕሮግራም ሲጻፍ በሁለተኛው ሙከራ ላይ የመጣን 404 እንደ ውድቀት ቆጥሮ ለሰው ማስጠንቀቂያ ማሳየት ስህተት ነው፤ ምናልባት የመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶ ይሆናል።

ሜተዱ ቃል ስለገባ ብቻ ኮዱ ቃሉን ይጠብቃል ማለትም አይደለም። PUT ተብሎ ውስጡ `balance = balance + 100` የሚል ኮድ ካለ መካከለኞቹ ያለ ፍርሃት ይደግሙታል፣ ገንዘቡም ይጨምራል። ከPOST የከፋ ነው፤ POSTን ማንም ሳይታዘዝ አይደግምም ነበር። ሌላም ገደብ አለ። ትኬት ቆራጯ የተሳፋሪዋን ወንበር ወደ 20 ለወጠች፣ መልሱ ጠፋ። በዚያ መካከል ሌላ ሠራተኛ ያችኑ ተሳፋሪ ወደ 22 አዛወራት። ከዚያ የመጀመሪያው PUT ሲደገም ወደ 20 ይመልሳታል። እያንዳንዱ PUT ለብቻው አይደምፖተንት ነው፤ በሁለቱ መካከል የገባውን የሌላ ሰው ሥራ ግን አይጠብቅም። ለዚህ ሰርቨሩ በመልሱ ላይ የሚሰጠው ETag አለ፤ ጠያቂው በ`If-Match` መልሶ ይልከዋል። ነገሩ በመካከሉ ከተለወጠ ሰርቨሩ 412 ብሎ እምቢ ይላል።

ሴፍ የሚባለው ጠባይ ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀድማል። GET፣ HEAD፣ OPTIONS እና TRACE ለማየት ብቻ ናቸው፤ ጠያቂው ምንም ነገር እንዲለወጥ አልጠየቀም። ሰርቨሩ መዝገብ ቢጽፍ ወይም የጎብኚ ቁጥር ቢጨምር ሕጉ አይከለክልም፤ ጠያቂው ግን ለዚያ ተጠያቂ አይደለም። ከዚህ የተነሣ ማንኛውም ማሽን GETን ሳይጠየቅ የመላክ ነጻነት አለው።

በ2005 ግንቦት ወር አካባቢ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ጉግል ዌብ አክሰለሬተር የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ሰው የሚያየው ገጽ ላይ ያሉትን ሊንኮች ቀድሞ እየከፈተ ኢንተርኔቱን ማፍጠን ነበር ዓላማው። ሰርቲሰቨን ሲግናልስ የተባለው ኩባንያ በሚሠራው ባክፓክ በተባለ የመረጃ ማደራጃ ድረ ገጽ ላይ ግን «ሰርዝ» የሚለው ነገር ተራ ሊንክ ነበር፤ ሲከፈት GET ይልካል። አክሰለሬተሩ የሚሠራው በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ፣ በተጠቃሚው ፈቃድ ስለነበር የመግቢያ ኩኪውን ይዞ ሊንኮቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» የሚለው ጃቫስክሪፕት ሊንኩን በሚከፍት ማሽን ዘንድ አይሠራም። ሰዎች ያልነኩት ሥራቸው ጠፋ። ብዙዎች በጉግል ላይ ተቆጡ። በእኔ ግምት ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የድረ ገጹ ነው፤ በ1996 የወጣው የኤች ቲ ቲ ፒ 1.0 ሰነድ GET ከማምጣት ያለፈ ሥራ እንዳይሠራበት ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ጽፏል።

ዛሬ ይኸው ነገር እኛ ዘንድ በቴሌግራም በኩል ይመጣል። ከትኬት መሸጫው ፕሮግራም «ጉዞውን ለመሰረዝ ይህን ይጫኑ» የሚል ሊንክ ለተሳፋሪው ይላካል እንበል፤ ሊንኩ ውስጥ ምስጢራዊ ቁጥር አለ፣ መግባት አያስፈልግም። ተሳፋሪው ሊንኩን ለወንድሙ በቴሌግራም ያስተላልፋል። ቴሌግራም የገጹን ርእስና ሥዕል ለማሳየት ሊንኩን በራሱ ሰርቨር ይከፍተዋል። GET ከሆነ ጉዞው ተሰረዘ፤ ማንም ሳይጫን። መዝገቡ ላይ የጠያቂው ስም `TelegramBot` የሚል ሆኖ ይገኛል። ማንም ሳይነካው የሚለወጥ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ የ`User-Agent` መስመር ነው። ብሮውዘር ራሱ ቀድሞ ሲከፍት ደግሞ `Sec-Purpose: prefetch` የሚል ሄደር የሚልክ አለ። የኢሜይል ደኅንነት መቃኛዎችም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ የማረጋገጫ ሊንኮችን ከባለቤቱ በፊት ከፍተው ያቃጥላሉ፤ ሰውየው «ሊንኩ ጊዜው አልፎበታል» ይባላል። መፍትሔው ለሁሉም አንድ ነው፦ ሊንኩ ገጽ ብቻ ይክፈት፣ ገጹ ላይ ቁልፍ ይኑር፣ ቁልፉ POST ይላክ።

ካሸብል የመጨረሻው ነው፤ ለምርመራም በጣም አስቸጋሪው፤ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ስለማይደርስ መዝገብ ላይ አንድም መስመር አይገኝም። ሕጉ የGET፣ የHEAD እና በተወሰነ ሁኔታ የPOST መልስ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ የሚያስቀምጡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው። ሰርቨሩ ስለመቀመጥ ምንም ባይናገር አስቀማጩ የሚገምት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። `Cache-Control` ከሌለና `Last-Modified` ካለ፣ ከተለወጠበት ቀን ጀምሮ ካለፈው ጊዜ አንድ አሥረኛውን ያህል ትኩስ ነው ብሎ መቁጠር የተለመደ ነው። የጉዞ ዋጋ ዝርዝሩ ከ50 ቀን በፊት ተለውጦ ከነበረ ዛሬ የተወሰደው ቅጂ ለአምስት ቀን ያለ ጥያቄ ሊታይ ይችላል። ነገ ዋጋው ቢጨመር አንዳንዱ መስኮት አዲሱን፣ አንዳንዱ አሮጌውን ያሳያል። ይህን ለማየት፦

```
curl -sD - -o /dev/null https://example.com/fares
```

መልሱ ላይ `Age: 86400` የሚል ካለ ይህ ቅጂ ከሰርቨሩ ከተወሰደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል፤ መካከል ላይ አስቀማጭ አለ። ተማሪዎች በዚህ ፈንታ `curl -I` ይጽፋሉ፤ ያ የሚልከው HEADን ነው። አንዳንድ ኮድ ለHEAD ሌላ መልስ ስለሚሰጥ ሊያሳስት ይችላል።

ከአሮጌ ዋጋ የሚከፋ ነገር አለ። `/my-bookings` የሚለው ገጽ GET ነው፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በኩኪ ነው። ብዙዎች መግቢያ ያለው ገጽ በራሱ አይቀመጥም ብለው ያምናሉ። ሕጉ የጋራ አስቀማጭን የሚከለክለው ጥያቄው `Authorization` ሄደር ሲኖረው ነው፤ ስለ ኩኪ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ስለዚህ ከፊት የጋራ አስቀማጭ ከተተከለና ሰርቨሩ `Cache-Control: public, max-age=300` ብሎ ለሁሉም ገጽ ከመለሰ፣ የአንዷ ተሳፋሪ የትኬት ዝርዝር ለቀጣዩ ሰው ለአምስት ደቂቃ ይታያል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ካልገቡ በስተቀር አይገለጥም፤ ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ ሳይታይ የሚያልፈው። በሁለት ብሮውዘር፣ በሁለት ስም ገብቶ ያንኑ አድራሻ በተከታታይ መክፈት ያጋልጠዋል። እንዲህ ላለ ገጽ ትክክለኛው `private` ነው፤ በባለቤቱ ብሮውዘር እንኳ እንዳይቀር ከተፈለገ `no-store`። `no-cache` ግን ስሙ እንደሚመስለው አይደለም፤ አስቀምጥ፣ ከመስጠትህ በፊት ግን ጠይቅ የሚል ትእዛዝ ነው። ሄደሩን ማረም ደግሞ ቀድሞ የተቀመጡትን ቅጂዎች አያጠፋም፤ አስቀማጩ ላይ ገብቶ ማጽዳት ወይም የቀራቸው ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።